«የተቋረጡ መድኃኒቶች» የሚለውን መስመር ለአጎትሽ ከመላክሽ በፊት

ጥያቄ፦ «እማዬ ትንፋሽ አጥሯት እግሯም አብጦ 9 ቀን ሆስፒታል ተኝታ ትላንት ወጣች። የሰጡን ወረቀት እንግሊዝኛ ስለሆነ ፎቶ አንስቼ በስልኬ አስተረጎምኩት። የልብ ውድቀት፣ ኢኤፍ 30 ፐርሰንት፣ የደረት ህመምን ክዳለች፣ የተቋረጠ ክብደት 61 ኪሎ ይላል። ከዛ የተቋረጡ መድኃኒቶች ብሎ ፉሮሰማይድ 40፣ ኢናላፕሪል 5፣ ካርቬዲሎል 3125፣ ስፓይሮኖላክቶን 25 ይዘረዝራል፣ ላይ ላይ ደግሞ ፉሮሰማይድ 80 የሚል አለ፣ መጨረሻ ላይ ዳይክሎፌናክ ተቋርጧል ይላል። ውጭ ያሉት አጎቴ አጠቃለሽ ላኪልኝ ብለውኛል። ‹ልቧ 70 ፐርሰንት ሞቷል፣ መድኃኒቷን ሁሉ አቁመው ተስፋ ቆርጠው ወደ ቤት ልከዋታል› ብዬ ልጽፍላቸው ነው። ልክ ነኝ? ከትላንት ጀምሮ ምንም መድኃኒት አልሰጠኋትም።»

ልክ አይደለሽም፣ መልእክቱን አትላኪው። ግን መልእክቱ ይቆይ፣ የሚያጣድፈው መድኃኒቱ ነው። አሁኑኑ እናትሽ ተኝተውበት የነበረው ዋርድ ደውይ፣ ስልክ ካልተነሳ ወረቀቱን ይዘሽ ሂጂ፣ እሱም ካልሆነ የትኛውም ፋርማሲ ገብተሽ ለፋርማሲስቱ ዋናውን ወረቀት ስጪ፣ ፎቶውን አይደለም፣ ትርጉሙንም አይደለም። የምትጠይቂው አንድ ነገር ነው፦ እነዚህ አራቱ የሚወሰዱ ናቸው ወይስ የቆሙ? ወረቀቱን በዓይኔ አላየሁትም፣ ስለዚህ የመጨረሻውን ቃል የሚሰጡሽ እነሱ ናቸው፣ ግን ራስሽ ከጻፍሽው ተነስቼ የምልሽ አራቱም የሚወሰዱ ናቸው፣ አልቆሙም።

እንዴት አወቅኩ? «የተቋረጠ ክብደት 61 ኪሎ» የሚለውን መስመር እስኪ እንደገና አንብቢው። ክብደት አይቋረጥም። ሀኪሞች በእንግሊዝኛ ዲ እና ሲ የሚባሉትን ሁለት ፊደላት መሀላቸው ጭረት አድርገው ይጽፋሉ፣ ይቺ አጭር ጽሁፍ ደግሞ ሁለት ስራ አላት፣ አንዴ በሽተኛው ከሆስፒታል ሲወጣ ይጻፋል፣ አንዴ መድኃኒት ሲቆም ይጻፋል። ስህተት ታመጣለች ተብሎ እንዳትጻፍ የሚመከረው ለዚህ ነው፣ ግን አሁንም በብዙ ቦታ ትጻፋለች። ስልክሽ ሁሌም «ተቋረጠ» ብሎ ነው የተረጎማት። ክብደቱ ላይ ያለችው «ሲወጡ የነበራቸው ክብደት» ማለት ከሆነች፣ ከአራቱ መድኃኒቶች ራስ ላይ ያለችውም «ሲወጡ የሚወስዷቸው መድኃኒቶች» ማለት የመሆኗ ነገር በጣም የሚያሳምን ነው።

ሌላም ማረጋገጫ አለ። ከእያንዳንዱ መድኃኒት ቀጥሎ መጠንና በቀን ስንት ጊዜ የሚል ተጽፏል ወይ ብለሽ እዪ። ቢአይዲ የሚባለው በቀን ሁለቴ ነው፣ ቲአይዲ ሶስቴ፣ ኦዲ አንዴ። የቆመ መድኃኒት በቀን ስንቴ እንደሚዋጥ ብዙ ጊዜ አይጻፍም። ደግሞ እነዚህ አራቱ ዝም ብሎ የተገናኙ መድኃኒቶች አይደሉም፣ ልቡ ለደከመ ሰው አብረው የሚታዘዙ የታወቁ መድኃኒቶች ናቸው። ግፊት በጣም ወርዶ ወይም ኩላሊት ተጎድቶ አንዱን ወይም ሁለቱን ማቆም ያጋጥማል፣ ያኔ ምክንያቱ እዛው ይጻፋል። አራቱንም ባንድ ቀን አቁሞ በሽተኛን ወደ ቤት መላክ ግን የተለመደ ነገር አይደለም። ስትወጡ መድኃኒት በከረጢት ወይም የመድኃኒት ማዘዣ ተሰጥቷችሁ ከሆነ ስሞቹን አመሳክሪ፣ አንድ አይነት ከሆኑ ጉዳዩ አለቀ።

መጨረሻ ላይ ያለው የዳይክሎፌናክ መስመር ግን ይለያል። ብቻውን ነው፣ መጠን የለውም፣ የህመም ማስታገሻ ነው። እሱ ላይ ተቋርጧል ማለቱ እውነት ነው፣ እንዲያውም ከወረቀቱ በጣም አስፈላጊ ከሚባሉት መስመሮች አንዱ ነው። ዳይክሎፌናክ፣ ኢቡፕሮፌንና የመሳሰሉት ሰውነት ጨውና ውሃ እንዲይዝ ያደርጋሉ፣ ኩላሊትንም ከኢናላፕሪልና ከፉሮሰማይድ ጋር ሲሆኑ ይጎዳሉ። እናትሽ ጉልበታቸውን ወይ ወገባቸውን አሟቸው ሲውጡት የነበረ ከሆነ ለመተኛታቸው የራሱ አስተዋጽኦ ሊኖረው ይችላል፣ ቤት የተረፈ ካለ ከእጃቸው አርቂው። ህመም ካለባቸው ፓራሲታሞል ይሻላል፣ መጠኑን እግረ መንገድሽን ፋርማሲስቱን ጠይቂ።

መድኃኒቶቹ የሚወሰዱ መሆናቸው ከተረጋገጠልሽ ከሚቀጥለው የመድኃኒት መውሰጃ ሰዓት ጀምሪ። ያለፈውን ለማካካስ ብለሽ እጥፍ እንዳትሰጪ፣ ኢናላፕሪልና ካርቬዲሎል ግፊት ያወርዳሉ፣ እጥፍ ሲሆን ሰው ሲነሳ ዓይኑ ጨልሞበት ይወድቃል። ለደወልሽለት ሰው ደግሞ ከትላንት ጀምሮ እንዳልወሰዱ ሳትደብቂ ንገሪው፣ ማንም አይቆጣሽም፣ እሱ ይህን ሳያውቅ የሚሰጥሽ ምክር ነው የሚያስፈራው። ዛሬ ትንፋሻቸው ከትላንት ከባሰ ወይም ጋደም ሲሉ የሚያፍናቸው ከሆነ ግን የስልክ ጉዳይ አይደለም፣ ይዘሻቸው ተመለሺ።

አሁን ካርቬዲሎል 3125። እንደዚህ የሚባል መጠን የለም። ወረቀቱ ላይ ያለው ሶስት ነጥብ አንድ ሁለት አምስት ነው መሆን ያለበት፣ 3.125 ሚሊግራም፣ የካርቬዲሎል የመጀመሪያ መጠን እሷ ናት፣ በቀን ሁለቴ የምትወሰድ። ፎቶ ላይ ነጥብ በቀላሉ ትጠፋለች፣ ወረቀቱ ከታጠፈ ወይ ብርሃን ካንጸባረቀ በቃ የለችም። አንቺ ጋ ደግነቱ ቁጥሩ በጣም ትልቅ ስለሆነ ያስታውቃል፣ የሚያሳስበኝ የማያስታውቀው ነው፣ 2.5 የነበረ 25 ሲሆን ሁለቱም ትክክለኛ መጠን ይመስላሉ። ስለዚህ የኢናላፕሪሉን 5 እና የስፓይሮኖላክቶኑንም 25 ከወረቀቱ ላይ በዓይንሽ አንብቢ፣ ከዛ ከመድኃኒቱ እሽግ ጋር አስተያዪ። እሽጉ ላይ ካርቬዲሎል 6.25 የሚል ካገኘሽ ደግሞ አትደንግጪ፣ ሳይሳሳቱ ሊሆን ይችላል፣ ፍሬው ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ ይወሰዳል ማለት ነው፣ ግን «ግማሽ» የሚለውን ከሚያውቅ ሰው አፍ ስሚው።

ፉሮሰማይድ 80 እና 40 የሚለው ግራ ያጋባሽም ወረቀቱ የሁለት ጊዜ ታሪክ ስላለበት ነው። ላይኛው ክፍል ሆስፒታል እያሉ የተደረገላቸውን ይተርካል፣ ያ አልፏል፣ 80ው በደም ስር የተሰጠ ሊሆን ይችላል፣ ሳንባና እግር ላይ የተጠራቀመውን ውሃ ቶሎ ለማስወጣት እንደዛ ይደረጋል። ቤት የሚቀጥለው ከታች የተዘረዘረው ነው። ሰው ሁለቱን ደምሮ 120 ሲሰጥ ወይም ትልቁን ሲመርጥ ነው ችግር የሚመጣው፣ ሰውነት ከሚገባው በላይ ይደርቃል፣ ኩላሊት ይደክማል፣ ፖታሲየም ይወርዳል።

ወደ ልቡ ልምጣ፣ አጎትሽን የሚያስደነግጠው እሱ ነውና። «የልብ ውድቀት» ብሎ የተረጎመው በተለምዶ የልብ ድካም የምንለው ነው። ልብ ቆመ ማለት አይደለም፣ ሞተ ማለትም አይደለም፣ ሰውነት የሚፈልገውን ያህል ደም በሚገባ መግፋት አቃተው ማለት ነው፣ ደሙ ከኋላ ሲከማች ውሃው ሳንባ ውስጥና እግር ላይ ይጠራቀማል፣ እናትሽን ትንፋሽ ያሳጠራቸውም እግራቸውን ያሳበጠውም ያ ነው። ኢኤፍ የሚባለው ደግሞ በልብ አልትራሳውንድ የሚለካ ቁጥር ነው፣ የግራው የልብ ክፍል በደም ሞልቶ ሲጨመቅ ከያዘው ውስጥ ስንት መቶኛውን ወደ ሰውነት ገፋ የሚል። ጤነኛ ልብ 100 አይገፋም፣ ከ50 እስከ 70 አካባቢ ነው የሚገፋው፣ ሁልጊዜም የሚቀር ደም አለ። ስለዚህ 30ን ከ100 ሳይሆን ከዛ ጋር ነው የምታወዳድሪው። ዝቅተኛ ነው፣ ቀላል ነው አልልሽም፣ በሽታው ከባድ ነው፣ ክትትልም ይፈልጋል። ግን «70 ፐርሰንት ሞቷል» የሚለው ስሌት የለም። ቁጥሩም እዛው የሚቀር ላይሆን ይችላል፣ እነዚህን መድኃኒቶች በደንብ የወሰደ ሰው ከወራት በኋላ ሲለካ ከፍ ብሎ ሊገኝ ይችላል፣ ሁሉም ላይ አይሆንም፣ የልቡ ድካም ከምን እንደመጣም ይወስነዋል። ለዛ ነው አልትራሳውንዱ መድኃኒቱ ተስተካክሎ 3 ወር አካባቢ ከቆየ በኋላ የሚደገመው።

«የደረት ህመምን ክዳለች» የሚለው ሀኪሙ ደረትዎን ያሞታል ወይ ብሎ ጠይቆ አያመኝም አሉ ማለት ነው፣ ውሸታም ያላቸው ሰው የለም። ተስፋ ቆርጠው ላኳት የሚለውን ደግሞ ከየት እንዳመጣሽው ገብቶኛል፣ መድኃኒቱ ሁሉ ቆመ ብለሽ ስላነበብሽ ሌላ ምን ልታስቢ ትችያለሽ። የጻፍሽልኝ ወረቀት ግን ተስፋ የተቆረጠበት ሰው ወረቀት አይመስልም፣ አራት መድኃኒት፣ የተመዘነ ክብደት፣ የተከለከለ ማስታገሻ፣ ይሄ ሁሉ በሽተኛው ቤት ሆኖ እንዲታከም የሚጻፍ ነው። ቀጠሮ የሚል መስመርም መኖር አለበት፣ ካላየሽው ፎቶው ቆርጦት ወይም ከጀርባ ሆኖ ይሆናል፣ ገልብጪው።

ያቺ 61 ኪሎ ያልኩሽ ቁጥር ናት አሁን ዋናዋ ስራሽ። ውሃቸው ወጥቶ የተመዘኑት ክብደት ስለሆነች ከዚህ በኋላ መነሻችሁ እሷ ናት። ነገ ጠዋት ሽንት ቤት ገብተው ከወጡ በኋላ፣ ምግብ ሳይቀምሱ፣ ቀለል ባለ ልብስ መዝኛቸው፣ በየቀኑ በአንድ ሚዛን፣ ቁጥሩን ደብተር ላይ ጻፊ። የቤትሽ ሚዛን ከሆስፒታሉ ትንሽ ሊለይ ስለሚችል የመጀመሪያው ቀን ላይ 62 ቢል ውሃ ተጠራቀመ ብለሽ አትደንግጪ፣ ከዛ በኋላ ከራሱ ጋር ነው የምታወዳድሪው። በ3 ቀን ውስጥ 2 ኪሎ ወይም ከዛ በላይ ከጨመሩ ስብ አይደለም፣ ውሃ ነው፣ ብዙ ጊዜ እግር ሳያብጥ ትንፋሽም ሳያጥር በፊት ሚዛኑ ነው ቀድሞ የሚናገረው፣ ያኔ ለሀኪሙ ትደውያለሽ። ማታ ተኝተው ሳሉ ታፍነው ከነቁ፣ በፊት በአንድ ትራስ ሲተኙ የነበሩት ሁለት ሶስት ካስፈለጋቸው፣ ራሳቸውን ከሳቱ፣ ግራ መጋባት ካመጡ፣ ወይም ከንፈራቸውና ምላሳቸው ካበጠ (ይሄ አልፎ አልፎ ኢናላፕሪል ያመጣዋል) መደወልም አያስፈልግም፣ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል።

አንድ ምርመራ ደግሞ አለ እንዳይዘለል የምፈልገው። ኢናላፕሪልና ስፓይሮኖላክቶን ሁለቱም ፖታሲየምን ከፍ ያደርጋሉ፣ በጣም ከፍ ካለ ምንም ምልክት ሳያሳይ የልብን ምት ሊያዛባ ይችላል። ለዛ ነው ከወጡ በ1 እና በ2 ሳምንት መሀል ፖታሲየምና የኩላሊት ምርመራ የሚታዘዘው። ወረቀቱ ላይ ከሌለ ዛሬ ስትደውይ ጠይቂ። የጨው ምትክ ተብሎ የሚሸጠውም ብዙው ፖታሲየም ስለሆነ ጨው ቀንሺ ተብለሽ እሱን እንዳትገዢ፣ ጨው መቀነስ ማለት ዝም ብሎ መቀነስ ነው።

እንግዲህ ከዋርዱ ጋር ካረጋገጥሽ በኋላ ለአጎትሽ እንዲህ ብለሽ ጻፊ፣ ባዶ የተውኩትን ከዋናው ወረቀት ሙዪ፦

«ጋሼ፣ እማዬ ትላንት ከሆስፒታል ወጥታ ቤት ናት። የተኛችው በልብ ድካም ነው፣ ልቧ ደም የመግፋት አቅሙ ስለቀነሰ ሳንባዋና እግሯ ላይ ውሃ ተጠራቅሞ ነበር፣ ውሃው ወጥቶላት ነው የለቀቋት። የልቧ የመግፋት አቅም 30 ፐርሰንት ነው፣ የጤነኛ ሰው ከ50 በላይ ነው። በሽታው ከባድ ቢሆንም በመድኃኒት የሚታከም ነው። የምትወስደው ፉሮሰማይድ 40 ሚሊግራም በቀን __፣ ኢናላፕሪል 5 ሚሊግራም በቀን __፣ ካርቬዲሎል 3.125 ሚሊግራም በቀን __፣ ስፓይሮኖላክቶን 25 ሚሊግራም በቀን __ ነው። ዳይክሎፌናክ ተከልክላለች። መጀመሪያ ትርጉሙን በስህተት አንብቤ መድኃኒቷ አንድ ቀን አልፏታል፣ ለሆስፒታሉ ነግሬያቸው __ ብለውኛል። ስትወጣ 61 ኪሎ ነበረች፣ በየጠዋቱ እመዝናታለሁ። ቀጠሮዋ __ ነው፣ የፖታሲየምና የኩላሊት ምርመራ ደግሞ __። መድኃኒቶቹን ዛሬ ከ__ ጋር አረጋግጫለሁ። የልቧ ድካም ከምን እንደመጣ ገና አልገባኝም፣ ቀጠሮው ላይ እጠይቃለሁ። የወረቀቱን ፎቶ አያይዣለሁ።»

የምታውቂውንና ያላወቅሽውን ለይተሽ መጻፍሽ ላይ አደራ። ውጭ ያለ ዘመድ ብዙ ጊዜ የሚያውቀው ሀኪም ወይ ነርስ ይኖረዋል፣ ወረቀቱን ያሳየዋል፣ ያ ሰው ደግሞ ያንቺን ማጠቃለያ እንደ ሆስፒታል ቃል ነው የሚወስደው። «መድኃኒቱ ቆሟል» ብለሽ ልከሽ ቢሆን ኖሮ እሱም ለምን ቆመ ብሎ ሌላ ምክንያት መፈለግ ይጀምር ነበር። ስለዚህ ዋናው ፎቶ አብሮ ይሂድ፣ ስልኩ የተረጎመው ግን አይሂድ። ፎቶውን እንደገና አንሺው፣ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተሽ፣ በቀን ብርሃን፣ ከቀጥታ ከላይ፣ አራቱም ጥግ እንዲታይ፣ ጀርባውንም። እናትሽን አስፈቅጂ፣ ለአጎትሽ ብቻ በግል ላኪው እንጂ የቤተሰብ ግሩፕ ላይ አትልቀቂው፣ ስማቸውና የካርድ ቁጥራቸው አለበት።

አጎትሽ ከጭንቀት የተነሳ መድኃኒት ከዚያ ልላክ ሊሉ ይችላሉ። ፍቅር ነው፣ ግን ሀኪሙ ሳያውቅ አትቀበዪ። አንድ መድኃኒት በብዙ የንግድ ስም ይሸጣል፣ ላሲክስ የሚባለው ያው ፉሮሰማይድ ነው፣ ስሙ ስለተለየ ሌላ መስሎሽ ሁለቱንም ብትሰጪ እጥፍ ሰጠሽ። የአንዱ ፍሬ መጠን ከሌላው አገር ሊለይም ይችላል። መርዳት ከፈለጉ ሚዛን ከሌላችሁ ሚዛን፣ የግፊት መለኪያ፣ የምርመራና የቀጠሮ ወጪ፣ ደግሞ በቀጠሮው ቀን ስልክ ላይ ሆነው ሀኪሙን አብረውሽ ቢጠይቁ ትልቅ ነገር ነው። ያን ቀን ሶስት ነገር ይጠየቅ፦ የልቡ ድካም ከምን መጣ፣ የካርቬዲሎልና የኢናላፕሪሉ መጠን መቼ ነው ከፍ የሚለው (በትንሹ ተጀምረው በየሁለት ሳምንቱ ገደማ የሚጨመሩ መድኃኒቶች ናቸው፣ እዛው የመነሻ መጠን ላይ ተረስተው ሲቀሩ ግን በብዛት አያለሁ)፣ አልትራሳውንዱስ መቼ ይደገማል። የክብደት ደብተሩንና የመድኃኒቶቹን እሽግ ሁሉ ይዘሽ ግቢ።